ስንት ቢለያዩ እኩል ናቸው?

ፎርትራን በ1957 ሲወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ቁጥሮችን ለማወዳደር የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። አንዱን ከሌላው ቀንሶ የውጤቱን ምልክት ማየት ነው።

```
IF (A - B) 10, 20, 30
```

ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ማሽኑ ወደ መስመር 10፣ ልክ ዜሮ ከሆነ ወደ 20፣ ከዜሮ በላይ ከሆነ ወደ 30 ይሄዳል። ወረቀት ላይ ምንም እንከን የለውም። ማሽኑ ላይ ግን መስመር 20 ብዙ ጊዜ እግር የማይረግጠው ሆኖ ተገኘ። A እና B በሒሳብ ሕግ እኩል መሆን ሲገባቸው ልዩነታቸው ዜሮ አይሆንም፤ ከዜሮ በጣም ትንሽ ፈቅ ይላል።

ምክንያቱ ከቁጥሮቹ አቀማመጥ ይጀምራል። ቋንቋው የተሠራለት አይቢኤም 704 አንድን ቁጥር በ36 ቢት ይይዝ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 27ቱ ለቁጥሩ አሃዞች፣ የቀሩት ለምልክቱና ነጥቡ የት እንደሚያርፍ ለመናገር የተመደቡ ናቸው። ነጥቡ እንደ ቁጥሩ ትልቅነት ስለሚንቀሳቀስ አቀማመጡ ፍሎቲንግ ፖይንት ተባለ። አሃዞቹ ግን 0 እና 1 ብቻ ናቸው። በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ሳይሸራረፉ ይገባሉ። አንድ አሥረኛ አይገባም። በአስርዮሽ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን ማለቂያ እንደምናጣለት ሁሉ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ 0.1ም ማለቂያ የለውም። ማሽኑ ባለው ቦታ ልክ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደመረውና የሚባዛው የተቆረጠው ቁጥር ነው።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው ባለ 64 ቢቱ ዓይነት፣ ደብል የሚባለው፣ 0.1 ስንለው በውስጡ የሚያስቀምጠው ይህን ነው።

```
0.1000000000000000055511151231257827021181583404541015625
```

0.2 ብንለው ከእውነተኛው 0.2 ጥቂት የሚበልጥ፣ 0.3 ብንለው ደግሞ ከእውነተኛው 0.3 ጥቂት የሚያንስ ያስቀምጣል። ሁለቱ የበለጡት ሲደመሩና ድምሩ ሲጠጋጋ፣ ያነሰውን 0.3 በአንድ እርከን አልፈው ያርፋሉ። እርከን የምለው በሁለት ጎረቤት ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ በ0.3 አካባቢ ስፋቱ 5.55e-17 ገደማ ነው። ነገሩ ሁሉ ይህችው እርከን ናት። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሰዎች ከእርሷ ጋር እንዴት እንደኖሩ ነው።

በ1964 አይቢኤም ሲስተም/360ን ሲያስተዋውቅ ሁኔታው ባሰ። ማሽኑ አሃዞቹን የሚይዘው በ16 ቤት ነበር፤ በደብል ሲቀንስም የሚሸራረፈውን የመጨረሻ አሃዝ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ትርፍ ቦታ አልነበረውም። ዊልያም ካሃን የተባለ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ካናዳዊ የሒሳብ ሊቅ በዚህ ከተቆጡት አንዱ ነው። የተጠቃሚዎቹ ግፊት በርትቶ በ1968 አይቢኤም ትርፍ አሃዙን ጨመረ፤ ለደንበኞች የተሸጡትን ማሽኖችም ባሉበት ቦታ አስተካከለ። የተሸጠን ኮምፒውተር ለአንድ አሃዝ ብሎ ከፍቶ መጠገን በዚያ ዘመን ቀላል ወጪ አልነበረም።

ካሃን በ1965 ሌላም ነገር አሳትሞ ነበር። ብዙ ቁጥሮች ሲደመሩ በየደረጃው የሚሸራረፈውን ትርፍራፊ በሌላ ተለዋዋጭ ይዞ በሚቀጥለው ድምር ላይ የሚመልስ አጭር ዘዴ ነው። ይህን እናቆየው፤ ከ58 ዓመት በኋላ ይመለሳል።

በእነዚያው ዓመታት ሰዎች «እኩል» የሚለውን ጥያቄ ራሱን መለወጥ ጀመሩ። ኬኔት አይቨርሰን የፈጠረው ኤፒኤል ችግሩን በቋንቋው ውስጥ ሊጨርሰው ሞከረ። በኤፒኤል የእኩል ምልክት ሁለት ቁጥሮች እጅግ ከተቀራረቡ እኩል ናቸው ይላል፤ የቅርበቱ ወሰን በኋላ ⎕CT በሚባል ስም ተጠቃሚው የሚለውጠው ሆነ። ምቾቱ ግልጽ ነው፣ ዋጋም አለው። ሀ ከለ ጋር ተቀራርቦ እኩል ይባላል፣ ለ ከሐ ጋር ተቀራርቦ እኩል ይባላል፣ ሀ እና ሐ ግን ከወሰኑ አልፈው ይለያያሉ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የምናውቀው የእኩልነት ጠባይ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቋንቋዎች ኤፒኤልን አልተከተሉም። የእኩል ምልክታቸውን ድርቅ ያለ አድርገው ትተው፣ መቀራረብን መጠየቅ የፕሮግራም ጸሐፊው ፈንታ ነው አሉ። እኔም ትክክል ያደረጉ ይመስለኛል፤ ወሰኑ ከሥራ ወደ ሥራ ስለሚለያይ በቋንቋው ውስጥ ተደብቆ መኖር አልነበረበትም።

በ1969 ዶናልድ ክኑት የታላቁን መጽሐፉን ሁለተኛ ቅጽ ሲያወጣ፣ መቀራረብ እንዴት እንደሚጠየቅ በቀመር አስቀመጠ። ክኑት ልዩነቱን በደረቁ አይለካም፤ ከቁጥሮቹ መጠን ጋር እያነጻጸረ ነው። የአንድ ሜትር ስህተት በጓዳ ርዝመት ላይ ጉድ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ግን ማንም አያየውም። ሐሳቡ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመጽሐፍ ነበረ። ወደ ሠርቶ አዳሪው የፕሮግራም ጸሐፊ እጅ በወጉ ለመድረስ ግን 46 ዓመት ፈጀበት፤ በመሐል የሆነው ይህ ነው።

በ1970ዎቹ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ፍሎቲንግ ፖይንት ነበረው። በአንዱ ማሽን የሠራ ፕሮግራም በሌላው የተለየ መልስ ይሰጥ ነበር። ኢንቴል ለሒሳብ ብቻ የሚሆን ቺፕ፣ 8087ን፣ ሊሠራ ሲነሳ በዚያን ጊዜ በርክሌይ ያስተምር የነበረውን ካሃንን አማካሪ አደረገው። ካሃን፣ ተማሪው ጀሮም ኩነንና ሃሮልድ ስቶን ያዘጋጁት ረቂቅ የሁሉም ኩባንያ መስፈርት እንዲሆን በኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ።

ከክርክሩ ሁሉ የመረረው ለዜሮ በጣም ስለቀረቡ ቁጥሮች ነበር፤ ጉዳዩም በቀጥታ የእኩልነት ጉዳይ ነው። በድሮዎቹ ማሽኖች ውጤቱ ማሽኑ ከሚይዘው ትንሹ ቁጥር ካነሰ በቀጥታ ዜሮ ይደረግ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ የሚመስል ኮድ ይፈርሳል።

```
if (x != y) z = 1 / (x - y);
```

x እና y እኩል አይደሉም፤ ማሽኑ ራሱ መስክሯል። ልዩነታቸው ግን በጣም ትንሽ በመሆኑ ዜሮ ተደርጎ፣ ፕሮግራሙ በዜሮ ሊያካፍል ይሄዳል። የካሃን ረቂቅ ወደ ዜሮ የሚወርደውን ገደል በደረጃ ተካው፤ ቁጥሮቹ አሃዝ እያጡ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ያኔ x እና y ከተለያዩ ልዩነታቸው በፍጹም ዜሮ አይሆንም። ደክ የተባለው ኩባንያ ይህ ማሽን ያዘገያል ብሎ ተቃወመ። ጉዳዩን መርምሮ እንዲያስረዳለት የቀጠረው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጂ. ደብልዩ. ስቱዋርት በ1981 ቦስተን ላይ ውጤቱን ሲያቀርብ ለካሃን ፈረደ። 8087 በ1980 ገበያ ወጥቶ ስለነበር ነገሩ በሲሊኮን እንደሚሠራም ታይቷል። መስፈርቱ በ1985 ጸደቀ፤ ቁጥሩም IEEE 754 ነው። ካሃን በ1989 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ።

መስፈርቱ የኮድ ፈተና ለሚጽፍ ሰው የሰጠው ትልቁ ነገር እርግጠኝነት ነው። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ስኩዌር ሩት እያንዳንዳቸው እውነተኛው መልስ በቅርቡ ወዳለው ቁጥር የተጠጋጋ እንዲሆን ተገደዱ። አንድ ሥራ የሚያመጣው ስህተት ከግማሽ እርከን አይበልጥም። የጥቂት ተከታታይ ሥራዎችን ስህተት ጣሪያ በወረቀት ማስላት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ዴቪድ ጎልድበርግ በ1991 ያወጣው ረጅም ጽሑፍ ይህን ሁሉ ለተራው የኮምፒውተር ባለሙያ ዘርዝሮታል። ብዙ ሰው ስሙን ይጠቅሳል፤ እስከ መጨረሻው ያነበበው ግን ብዙ አይመስለኝም።

ዩኒት ቴስት የሚባለው ልማድ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ኬንት ቤክ በ1994 ለስሞልቶክ ቋንቋ ትንሽ የመፈተኛ ዘዴ ጽፎ አሳተመ። በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ጉባኤ ሲበር፣ አብሮት ከነበረው ከኤሪክ ጋማ ጋር ሆነው አውሮፕላን ላይ የጃቫውን ጄዩኒት ጀመሩ። ፈተናው የሚጻፈው ቀላል በሆነ መንገድ ነው፦ የምጠብቀው ይህ ነው፣ የመጣው ይህ ነው፣ እኩል ካልሆኑ ውደቅ። ለሙሉ ቁጥርና ለጽሑፍ ይህ ይበቃል። ለደብል ሲሆን ግን ሦስተኛ ነገር ተጠየቀ።

```
assertEquals(0.3, total, 1e-12);
```

የመጨረሻው ቁጥር የሚፈቀደው ልዩነት ነው። ጄዩኒት ውስጥ ይህን የሚያጣራው መስመር የተጻፈበት መንገድ ሊታይ ይገባዋል፤ ራሳቸው ማነጻጸሪያ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

```
if (!(Math.abs(expected - actual) <= delta))
    fail();
```

ለምን በቀጥታ `> delta` አይልም? ስሌቱ ተበላሽቶ ውጤቱ NaN ማለትም «ቁጥር ያልሆነ» ከሆነ፣ በመስፈርቱ መሠረት ከማንኛውም ነገር ይበልጣል፣ ያንሳል ወይም እኩል ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሐሰት ነው። `> delta` ብለን ብንጠይቅ NaN አይበልጥምና ፈተናው ያልፋል። ከሁሉ የባሰው ስህተት ሳይታይ ሾለከ ማለት ነው። አሉታው ከውጭ ሲሆን ግን NaN ይያዛል። ፍጹም ዋጋውን የሚወስደውን `Math.abs` የረሳም ተመሳሳይ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ መልስ ሁሉ ልዩነቱ ከዜሮ በታች እየወጣ በሰላም ያልፍለታል።

ሦስተኛው ቁጥር ሲጠየቅ ሰው ምን አደረገ? በአብዛኛው ከጎረቤት ፋይል 0.001 ቀድቶ ለጠፈ። አንዳንዱም ሁለት ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ሊያመልጥ ሞከረ። ጄዩኒት 4 ለዚህ የሰጠው መልስ ያስቀኛል። ሁለት ደብል ብቻ የሚቀበል `assertEquals` አለ፤ ቁጥሮቹን ግን ጨርሶ አያያቸውም፣ እኩል ቢሆኑም ባይሆኑም ይወድቃል፣ እንዲህም ይላል።

```
Use assertEquals(expected, actual, delta) to compare floating-point numbers
```

የሚፈቀድ ልዩነት መጨመር መፍትሔ የማይሆንበት ቦታ ደግሞ አለ፤ ገንዘብ ነው። የ100 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለማከል `100 * 1.15` ብንል ደብል የሚመልሰው 114.99999999999999 ነው። ፈተናው ስለወደቀ 0.01 ፈቅደን ብናሳልፈው፣ ቀጥሎ ያለው ኮድ ነጥቡን ቆርጦ ሙሉ ብሩን ሲወስድ 114 ብር ይጽፋል። እዚህ የወደቀው ፈተና ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የቁጥሩ ዓይነት ነው። ሒሳቡ በሳንቲም በሙሉ ቁጥር፣ አለዚያም አስርዮሽን እንዳለ በሚይዝ ዓይነት ይሠራና ፈተናው ድርቅ ባለ እኩልነት ይቀጥል።

በ2000 አካባቢ ሌላ ዓይነት ምሬት መጣ። የጂሲሲ ኮምፓይለር የስህተት መዝገብ ላይ በዚያው ዓመት ቁጥር 323 ሆኖ የተመዘገበው ቅሬታ በባለሙያዎች ዘንድ ዝነኛ ነው፤ ያው ጣጣ እየተደጋገመ ስለቀረበ ብዙ ሌሎች ቅሬታዎች በእርሱ ሥር ተጠቃለዋል። ጥፋቱ የጀመረው ከ8087 ነበር። ቺፑ ለጥንቃቄ ሲባል በውስጡ የሚያሰላው በ80 ቢት ነው። ቁጥሩ ወደ ማስታወሻ ሲወጣ ግን ወደ 64 ቢት ይጠጋጋል። ስለዚህ አንዱ ስሌት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ አንዱ መልስ ማስታወሻ ውስጥ ሲቀመጥ ሌላው ቺፑ ውስጥ ከቀረ፣ ሁለቱ ሲወዳደሩ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የትኛው የት እንደሚቀር የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው።

ምልክቶቹን አንዴ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ፈተናው ያለ ማሻሻያ ሲጠናቀር ያልፋል፣ በ`-O2` ይወድቃል። ምን እንደተፈጠረ ለማየት አንድ የማተሚያ መስመር ሲጨመር ፈተናው እንደገና ያልፋል፤ ማተሙ ራሱ ቁጥሩን ወደ ማስታወሻ ስላወጣው ነው። መስመሩ ሲነሳ ይወድቃል። ስህተትን ለማየት መሞከር ስህተቱን የሚያጠፋበት ሌሊት ሰውን ያሳብዳል። ኋላ ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ስሌቱን ኤስኤስኢ2 ወደሚባለው ክፍል ሲያዛውሩ ትርፉ ቢት ጠፋና ችግሩ በአብዛኛው ረገበ።

ክኑት በ1969 የጻፈው ነገር ወደ ቦታው የተመለሰው በፓይተን በኩል ነው። የፓይተን የመፈተኛ ክፍል ከጄዩኒት የተወረሰ ሲሆን፣ ለደብል `assertAlmostEqual` የሚል ነበረው። አሠራሩ ልዩነቱን ወስዶ በሰባት የአስርዮሽ ቦታ ማጠጋጋትና ዜሮ መሆኑን ማየት ነው። ከ1 ጋር ለሚቀራረቡ ቁጥሮች ጥሩ ነው። ከዚያ ስንርቅ ግን ወዲህም ወዲያም ይፈርሳል።

የአንድ ኤሌክትሮን ሙል መጠን በኩሎምብ 1.602176634e-19 ነው። የምንፈትነው ኮድ በስህተት ዜሮ ቢመልስስ? ልዩነቱ በሰባት ቦታ ሲጠጋጋ ዜሮ ነውና ፈተናው ያልፋል። ዜሮ ብቻ አይደለም፣ መቶ እጥፍ ቢመልስም ያልፋል። ምንም የማይፈትን ፈተና ሆነ። በሌላ በኩል ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው መለኪያ ርቀት 149,597,870,700 ሜትር ነው። በዚህ መጠን ሁለት ጎረቤት ደብሎች በ0.00003 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሰባት ቦታ የሚፈቅደው ልዩነት ከዚህ እርከን እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ «ሊቀራረቡ ይችላሉ» የሚለው ፈተና ሳናውቀው ወደ ድርቅ ያለ እኩልነት ተመልሷል። የኮዱ ስም አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ለአንዱ ቁጥር ልቅ ለሌላው የማይቻል ነው። በ2010 የወጣው ፓይተን 2.7 ልዩነቱን በግልጽ የምንሰጥበት `delta` ጨመረ፤ መጠኑን ማሰብ ግን ያው የጸሐፊው ሥራ ሆኖ ቀረ።

በጥር 2015 ክሪስ ባርከር PEP 485 የተባለውን ሐሳብ አቀረበ። ክርክሩ ልዩነቱ ከየትኛው ቁጥር ጋር ይነጻጸር የሚለው ላይ ረጅም ሄደ፦ ከትልቁ ነው፣ ከትንሹ ነው፣ ወይስ ከሚጠበቀው? ከትልቁ ጋር የሚለው ረታ። ሁለቱን ቁጥሮች ብናቀያይራቸው መልሱ እንዳይለወጥ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም በፓይተን 3.5 የገባው `math.isclose` ይህን ያሰላል።

```
abs(a - b) <= max(rel_tol * max(abs(a), abs(b)), abs_tol)
```

ምንም ካልተባለ `rel_tol` 1e-9 ነው፤ ደብል ከሚይዛቸው 16 ያህል አሃዞች ግማሹ ገደማ ይመሳሰሉ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑም ፀሐይም አሁን በየመጠናቸው ይለካሉ። `abs_tol` ደግሞ ዜሮ ነው፤ ይህች ዜሮ ግን አዲስ ተጠቃሚን ሁሉ ታደናቅፋለች።

```
>>> math.sin(math.pi)
1.2246467991473532e-16
>>> math.isclose(math.sin(math.pi), 0.0)
False
```

የፓይ ሳይን ዜሮ ነው፤ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ግን ሳይን አልተሳሳተም። `math.pi` ራሱ የተጠጋጋ ነው፤ ከእውነተኛው ፓይ በ1.22e-16 ያንሳል። ሳይኑ የመለሰው የዚያን የተጠጋጋ ቁጥር ትክክለኛ ሳይን ነው። ከዜሮ ጋር ስናወዳድር አንጻራዊ ወሰን ምንም አይረዳም፤ ዜሮ ያልሆነ ነገር ሁሉ ከራሱ መጠን አንጻር ከዜሮ እኩል ይርቃል፣ መቶ በመቶ። ስለዚህ `abs_tol` ማስፈለጉ የግድ ነው፣ መጠኑም ከአየር አይመጣም። በ3 አካባቢ የደብል እርከን 4.44e-16 ነው፤ ማጠጋጋቱ ከግማሹ፣ ከ2.2e-16፣ በላይ ሊሳሳት አይችልም። 1e-15 ብንፈቅድ በቂ ነው። 0.001 ብንፈቅድ ግን አንግሉን በጥቂቱ የሚያዛባ እውነተኛ ስህተት ከኋላው ሊደበቅ ይችላል።

የሚፈቀደውን ልዩነት መምረጥ እንዲህ በሁለት ጫፍ መካከል ቦታ መፈለግ ነው። 0.1ን አሥር ጊዜ የሚደምር ኮድ እንውሰድ። ዘጠኝ መደመር አለ፤ እያንዳንዱ በ1 አካባቢ ቢበዛ 1.1e-16 ይሳሳታል፤ 0.1 ራሱ ሲቀመጥ የተሸራረፈውም አለ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብሉ እንኳ ድምሩ 1.1e-15 ገደማ ነው። ይህ የታችኛው ጫፍ ነው። የላይኛው ጫፍ ልንይዘው የምንፈልገው ትንሹ ስህተት ነው፦ አንዱን ቁጥር መዝለል፣ ማለትም 0.1። በመካከላቸው አሥራ አራት ዜሮ የሚያህል ሜዳ አለ፤ 1e-12 ብንል ከሁለቱም በሰላም እንርቃለን። አንዳንድ ጊዜ ሜዳው ይጠብባል። ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ ልዩነት ሲተርፍ ሽርፍራፊው ከመልሱ ጋር ይወዳደራል። ያን ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ይጋጠማሉ፤ የሚለወጠው ወሰኑ ሳይሆን የስሌቱ መንገድ ይሆናል። ወሰኑን እስኪያልፍ ድረስ ማስፋት በእኔ ግምት ፈተናውን ከመሰረዝ አይለይም፤ የተሰረዘ ፈተና ቢያንስ አያታልልም።

በ2017 የወጣው ጄዩኒት 5 ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ሁለት ደብል ብቻ የሚቀበለው `assertEquals` እውነተኛ ማወዳደሪያ ሆኖ ተመለሰ፣ በቢት በቢት። ለፍሎቲንግ ፖይንት ድርቅ ያለ እኩልነት ሁልጊዜ ስህተት ነው የሚለው ወግ ልክ አልነበረምና መመለሱ ተገቢ ነው። አንድን ቁጥር ወደ ፋይል ጽፎ መልሶ የሚያነብ ኮድ ያንኑ ቁጥር ማምጣት አለበት፤ እዚያ አንዲት እርከን መፍቀድ ስህተትን ማሳለፍ ነው። ዝርዝርን በቅደም ተከተል የሚደረድር ኮድ፣ ትልቁን ቁጥር የሚመርጥ ኮድ፣ በ2 የሚያባዛ ኮድ፣ እነዚህ አይሸራርፉም።

አፕል በ2020 ኮምፒውተሮቹን ወደ ኤአርኤም ቺፕ ማዛወር ሲጀምር፣ በኢንቴል ዓመታት ያለፉ ፈተናዎች አዲሱ ላፕቶፕ ላይ መውደቅ ጀመሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ማባዛትንና መደመርን አዋህዶ አንዴ ብቻ የሚያጠጋጋው ትእዛዝ ነው፤ መስፈርቱ በ2008 ሲታደስ የገባ ነው። አንዳንድ ኮምፓይለሮች በኤአርኤም ላይ ሳይጠየቁ ይጠቀሙበታል። `x * 10 - 1` በሚለው ውስጥ x 0.1 ቢሆን፣ በተለመደው መንገድ ብዜቱ መጀመሪያ ወደ 1 ይጠጋጋና መልሱ ዜሮ ይሆናል። ተዋህዶ ሲሠራ ግን በብዜቱ ላይ የነበረችው ትርፍ ሳትጠጋጋ ትተርፋለች፤ መልሱም 5.551115123125783e-17 ነው። ለተቀመጠው x ይኸኛው ለእውነት የቀረበ ስሌት ነው። ዜሮ የጠበቀው ፈተና ግን ይወድቃል።

በጥቅምት 2023 ፓይተን 3.12 ሲወጣ አብሮት ያ የካሃን ዘዴ መጣ፤ አርኖልድ ኖይማየር በ1974 ባሻሻለው መልኩ። `sum` ደብሎችን ሲደምር ከዚያን ጊዜ ወዲህ ትርፍራፊውን ይዞ ይመልሳል።

```
>>> sum([0.1] * 10)      # 3.11
0.9999999999999999
>>> sum([0.1] * 10)      # 3.12
1.0
```

የድሮውን መልስ ከስክሪን ቀድቶ «የሚጠበቀው 0.9999999999999999 ነው» ብሎ ፈተና ላይ የለጠፈ ሰው፣ መልሱ ትክክል በሆነ ዕለት ፈተናው ወደቀበት። በ`for` እየደመረ ውጤቱን ከ`sum` ጋር በእኩል ምልክት ሲያወዳድር የኖረም እንዲሁ፤ ሁለቱም በአንድ ቅደም ተከተል ስለሚሸራርፉ እስከ 3.11 ድረስ ይስማሙ ነበር። ከ3.12 ወዲህ በ1.1e-16 ይለያያሉ፤ `for` ዛሬም የሚመልሰው ያንኑ 0.9999999999999999 ነው።